«በወር 4,720 ብር ብቻ»፦ የፍሪጁ 18 በመቶ ስንት ነው?

ቴሌግራም ላይ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎችን የምትከታተሉ ከሆነ ይህን ዓይነት ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። የሚያብረቀርቅ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ፣ ከሥሩ በደማቅ ቀለም «ቅድመ ክፍያ 20 በመቶ፣ ከዚያ በወር 4,720 ብር ብቻ!»፣ ከዚያ በታች ደግሞ ምስሉን በሁለት ጣት ካላሰፋችሁት በቀር በማይነበብ ፊደል «ዓመታዊ ወለድ 18 በመቶ»። የፍሪጁ ዋጋ 60 ሺህ ብር ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚያች ትንሽ ፊደል ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ውሸት ሳይሆን ሰው ይሳሳትበታል።

መጀመሪያ ግን ይህ ነገር ለምን አሁን በዛ? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፍሪጅ እዚህ ቢገጣጠምም እንኳ ኮምፕሬሰሩም ሌላውም ዕቃው በዶላር ነው የሚመጣው። ደመወዝ ደግሞ እንደ ዶላሩ አልሮጠም። ስለዚህ ሻጩ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እንዳይቀርበት፣ ገዢው ደግሞ በአንድ ጊዜ 60 ሺህ ብር ከየት ይምጣ ሲል፣ ሁለቱ ዱቤ ላይ ተገናኙ። ባንኮችም ገብተውበታል፤ ዳሽን ባንክ ለምሳሌ «ዱቤ አለ» የሚል አገልግሎት አለው። የእነሱ ተመን የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። እኔ የያዝኩት ሱቁ ራሱ የሚሰጠውን፣ «ፍላት» የሚባለውን ወለድ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል። ከ60 ሺህ ብር 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ 12 ሺህ ብር ነው። የሚቀረው 48 ሺህ ብር ዕዳ ነው። ፍላት ወለድ ማለት ይህን 48 ሺህ ብር በ18 በመቶ አንዴ ማባዛት ነው፦ 8,640 ብር። ወለዱን ዋናው ላይ ደምሩትና 56,640 ብር ይሆናል፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 4,720 ብር ይመጣል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ነው፤ ያጭበረበረ የለም። ፍሪጁ ቤት እስኪከፈል ድረስ በጠቅላላው የሚያስወጣችሁ 68,640 ብር ነው፣ ተጨማሪው 8,640 ብር።

እስከዚህ ድረስ አብዛኛው ሰው ያሰላል። «ስምንት ሺህ ብር ለአንድ ዓመት ዱቤ? ይሁን፣ ባንክም እኮ ያው ነው» ይልና ይፈርማል። ማስታወቂያውን አይቼ ሱቁ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅም ይህንኑ ነው ያለኝ። «ወንድሜ፣ ባንክ ብትሄድም በዚህ አታገኝም፤ ያውም ደጅ አስጠንተው፣ መያዣ አምጣ ብለው» አለኝ። ስለ ደጅ ጥናቱ ልጁ እውነቱን ነው። ቀጥዬ «ወለዱ የሚታሰበው በየወሩ በሚቀርብኝ ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ላይ?» አልኩት። «ኧረ ፍላት ነው፣ ምንም የሚያወሳስብ ነገር የለውም» ብሎ አቃለለልኝ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወለድ ምን እንደሆነ አስቡት። የሰው ገንዘብ እናንተ ጋ ለቆየበት ጊዜ የምትከፍሉት ኪራይ ነው። 48 ሺህ ብሩ ግን ዓመቱን ሙሉ እናንተ ጋ አይቆይም። በየወሩ ከምትከፍሉት 4,720 ብር ውስጥ 4 ሺህው ዋናውን የሚቀንስ ነው፣ 720ው ወለድ። በመጀመሪያው ወር 48 ሺህ ብር ዕዳ ይዛችሁ 720 ብር ትከፍላላችሁ፤ ይህ 1.5 በመቶ ነው፣ ምንም አይልም። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ዕዳው ወደ 24 ሺህ ወርዷል፣ ወለዱ ግን ያው 720 ነው። በአሥራ ሁለተኛው ወር እጃችሁ ላይ የቀረው የሱቁ ገንዘብ 4 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ለእሷ ለአንድ ወር የምትከፍሉት አሁንም 720 ብር ነው። አራት ሺህ ብር ተበድሮ በወሩ 720 ብር መጨመር ማለት በወር 18 በመቶ ነው። የሰፈር አራጣ አበዳሪ እንዲህ ቢላችሁ ጥላችሁት ትሄዱ ነበር።

ቤት ተከራይታችሁ በየወሩ አንድ ክፍል እያስረከባችሁ ኪራዩ ግን የሙሉ ቤት ሆኖ እንደሚቀጥል ቁጠሩት።

ሌላኛው መንገድ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ ወለድ ነው፤ ባንክ ውስጥ «ዲክላይኒንግ» ሲሉት ትሰማላችሁ። ያው 48 ሺህ ብር፣ ያው 18 በመቶ፣ ያው 12 ወር፣ ግን ወለዱ በየወሩ በቀረው ላይ ብቻ ቢታሰብ ወርሃዊው ክፍያ 4,400 ብር ከ64 ሳንቲም ይሆናል። በዓመቱ የሚከፈለው ወለድ በጠቅላላው 4,808 ብር ገደማ ነው። በዚህኛው አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር ወለድ እንደ ፍላቱ 720 ብር ነው፣ የመጨረሻው ወር ግን 65 ብር ብቻ። ስማቸው አንድ፣ «18 በመቶ»፤ ልዩነታቸው ግን 3,832 ብር ነው። «ባንክም ያው ነው» የሚለው አባባል የሚያስወጣችሁ ይህን ያህል ነው።

ታዲያ የሱቁ 18 በመቶ በባንኩ ቋንቋ ስንት ነው? በግርድፉ ለማወቅ እንዲህ አድርጉ። ዓመቱን ሙሉ እጃችሁ ላይ የነበረው ዕዳ በአማካይ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ በ48 ሺህ ጀምሮ የመጨረሻው ወር ላይ 4 ሺህ ስለሚደርስ አማካዩ 26 ሺህ ብር ነው። ለ26 ሺህ ብር 8,640 ብር ወለድ ከከፈላችሁ ወደ 33 በመቶ ይጠጋል። በትክክለኛው ቀመር ሲሰላ በዓመት 31.7 በመቶ ይሆናል። ማለትም የዓመት ፍላት ወለድ ስትሰሙ በጭንቅላታችሁ በእጥፍ ገደማ አድርጉት፤ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ብዙ አትሳሳቱም። «በወር 2 በመቶ ፍላት» የሚላችሁም በዓመት 24 ሳይሆን ወደ 40 እየጠራችሁ ነው።

በግርድፍ የማትረኩ ካላችሁ ስልካችሁ ላይ ጉግል ሺትስን ክፈቱና ባዶ ሳጥን ውስጥ ይህን ጻፉ፦

```
=RATE(12,-4720,48000)*12
=PMT(0.18/12,12,-48000)
```

የመጀመሪያው የሱቁን እውነተኛ ዓመታዊ ወለድ ያወጣላችኋል፤ 12 የወሩ ብዛት፣ 4720 ወርሃዊው ክፍያ፣ 48000 ደግሞ የተበደራችሁት ነው። መልሱ 0.317 አካባቢ ይመጣል፣ 31.7 በመቶ ማለት ነው። ሁለተኛው በቀሪ ዕዳ ቢሆን ኖሮ በወር ስንት ትከፍሉ እንደነበር ይነግራችኋል። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ማስታወቂያ ቁጥሮች ቀይሩ። ክፍያው ላይ ያለችውን የመቀነስ ምልክት አትርሱ፣ ያለሷ አይሠራም።

አሁን ሱቁ ውስጥ በብዛት የሚቀርብላችሁ ማባበያ ይመጣል፦ «4,720 ከበዛብህ ሁለት ዓመት እናድርግልህ።» በሁለት ዓመት ወርሃዊው 2,720 ብር ይሆናል። በወር ሁለት ሺህ ብር ቀነሰ፤ ደስ ይላል። ፍላት ወለድ ግን በዓመቱ ቁጥር ይባዛል፤ 18 በመቶው 36 በመቶ ይሆንና ተጨማሪው 17,280 ብር ይሆናል። የ60 ሺህ ብር ፍሪጅ 77,280 ብር ገባ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ የሚደብቀው ሌላ ነገር አለ፦ እውነተኛው ዓመታዊ ወለድ ከፍ አላለም፣ እንዲያውም ከአንድ ዓመቱ በትንሹ ያንሳል። የጨመረው ብሩ ነው፣ ዕዳውን ረዘም ላለ ጊዜ ስለያዛችሁት። ስለዚህ መቶኛውን ብቻ ማየትም፣ ወርሃዊውን ብቻ ማየትም ብቻውን አይበቃም። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ የምጠይቀው ሦስተኛውን ቁጥር ነው፦ እስከ መጨረሻው ስንት ብር ከኪሴ ይወጣል?

እሱንም ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩት ተጠንቀቁ። ማስታወቂያው 60 ሺህ ብር የሚለው የዱቤ ዋጋ ሊሆን ይችላል። መርካቶ ወይም ሌላ ቦታ ያንኑ ሞዴል በጥሬ ብር ስትጠይቁ 57 ሺህ ብር ቢሏችሁስ? ያን ጊዜ ሦስት ሺህ ብሩም ወለድ ነው፣ ስሙን ቀይሮ የገባ። በእጅ በእጅ 57 ሺህ የሚሸጥ ዕቃ ላይ 12 ሺህ ስትከፍሉ በእውነት የተበደራችሁት 45 ሺህ ብር ብቻ ነው፣ የምትመልሱት ግን ያው 4,720 በወር። ተጨማሪው 11,640 ብር፣ እውነተኛው ዓመታዊ ወለድ ደግሞ ወደ 45 በመቶ ይደርሳል። «ዜሮ ወለድ» የሚሉ ማስታወቂያዎችንም የምፈትናቸው በዚሁ ነው። ወለዱ ዜሮ ሆኖ የጥሬ ብር ዋጋው ዝቅ ካለ፣ ወለዱ ያለው ዋጋው ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዱ 18 በመቶውን የሚያሰላው ቅድመ ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ ባለው 48 ሺህ ላይ ሳይሆን በሙሉው 60 ሺህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ወለዱ 10,800 ብር፣ ወርሃዊው 4,900 ብር ይሆናል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ለሰጣችሁት 12 ሺህ ብር ወለድ ትከፍላላችሁ ማለት ነው! ይህን ለመለየት ውል ማንበብም አያስፈልግ፤ ወርሃዊውን በወሩ ብዛት አባዙና የቀረባችሁን ዕዳ ቀንሱለት። 8,640 መምጣት ሲገባው 10,800 ከመጣ ነገሩ ታውቋል። በዚያ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» ወይም «የፋይል መክፈቻ» ካለ ደምሩት፤ እሱም ዱቤው ባይኖር የማትከፍሉት ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ «በዱቤ አትግዙ» ልል ነው ብላችሁ ከሆነ፣ አይደለም። ነገሩ እንደዚያ ቀላል ቢሆን እንቁብ ውስጥ ገብቶ መጠበቅ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው በወር 4 ሺህ ብር የሚጥልበት እቁብ ዕጣው ለወጣለት 48 ሺህ ብር ይሰጣል፣ ያለ ወለድ። ከሱቁ ዱቤ ጋር ልዩነቱ በወር 720 ብር ነው፤ 720ውን የምትከፍሉት ዕጣ ላለመጠበቅ ነው። ዕጣው በመጀመሪያው ወር ከወጣላችሁ እቁቡን የሚያሸንፍ የለም። በአሥራ አንደኛው ከወጣላችሁ ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ ፍሪጅ ከርማችኋል፣ የፍሪጁም ዋጋ አልጠበቃችሁም።

ዋጋው ስንት ቢጨምር ነው ዱቤው የሚያዋጣው? ይህም ይሰላል። በዱቤ የገዛ ሰው በጠቅላላው 68,640 ብር ያወጣል። ስለዚህ ከዓመት በኋላ ያው ፍሪጅ ከ68,640 ብር በላይ ከሆነ፣ ማለትም ከ14.4 በመቶ በላይ ከጨመረ፣ በዱቤ የገዛው ቢያንስ በብሩ አልተጎዳም። ከሐምሌ 2016 በኋላ የነበሩትን ወራት ለሚያስታውስ ሰው ይህ የማይታሰብ ጭማሪ አይደለም። በተቃራኒው ዋጋው ባለበት ከቆየ፣ ቅድመ ክፍያ ሊሆን የነበረውን 12 ሺህ ብር ይዞ በየወሩ 4,720 ብር የሚያስቀምጥ ሰው በአሥራ አንደኛው ወር ፍሪጁን በጥሬ ብር ይገዛል፣ ብር ይተርፈዋል፣ የባንክ ወለድም ያገኛል። የትኛው ይሆናል ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ነጋዴ ካገኛችሁ ሰውየው ዕቃ እየሸጠላችሁ ነው።

እኔ ለራሴ የማደርገው ልዩነት የፍሪጁ ሥራ ላይ ነው። ፍሪጁ ገቢ የሚያመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጁስ ቤት ወይም ለስላሳ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የሚቆም ከሆነ፣ 720 ብሩን በወር ራሱ ያወጣል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያወጣል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት፣ ወይም ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለበት ቤትም ዕጣ ጠብቅ አይባልም። የሚሠራ አሮጌ ፍሪጅ እያለ ባለ ሁለት በሩ ስላማረ ብቻ 31.7 በመቶ መክፈል ግን ለእኔ ውድ ነው። ይህ የእኔ ሚዛን ነው።

ከመፈረም በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ሰው የሚረሳት፦ ቀድሜ ብጨርስስ? ስድስት ወር ከፍላችሁ እቁብ ወጣላችሁ ወይም ቦነስ ገባ እንበል። ዕዳውን ልዝጋ ብላችሁ ሄዳችሁ። በቀሪ ዕዳ የሚታሰብ ብድር ቢሆን 25,071 ብር ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ፣ የሚቀጥሉትን ስድስት ወራት ወለድ አትከፍሉም። ፍላት ሲሆን ሱቁ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። የቀሪዎቹን ወራት ወለድ፣ ስድስት ጊዜ 720 ማለትም 4,320 ብር፣ ካነሳላችሁ 24 ሺህ ብር ትከፍላላችሁ። ካላነሳላችሁ ግን የሚጠብቃችሁ 28,320 ብር ሙሉው ነው፤ ቀድማችሁ በመክፈል ያተረፋችሁት አንድም ብር የለም፣ ለስድስት ወር ብድር የዓመት ወለድ ከፍላችኋል።

ያን ስልክ ያነሳልኝን ልጅ ይህንንም ጠይቄው ነበር። «ወለዱማ ውሉ ላይ ተደምሮ ነው የሚጻፈው፣ እንዴት ይነሳል?» አለኝ፣ የገረመው እሱ ነበር። በቃል ሌላ የሚል ሻጭም ያጋጥማል፤ «ችግር የለውም፣ እናስተካክላለን» ይላችኋል። እሺ በሉትና ያንኑ ውሉ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፦ ዕዳው ከጊዜው በፊት ሲዘጋ ያልደረሱት ወራት ወለድ ይቀነሳል፣ ቅጣትም የለውም የሚል አንድ መስመር። የክፍያ ሰንጠረዡንም ዋናውና ወለዱ በየወሩ ተለይተው እንዲያትምላችሁ። የወለዱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች 720፣ 720፣ 720 እያለ ከወረደ፣ ሰንጠረዡን ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ሁለት ቦታ ጠይቁበት፤ ፍሪጁ እስከ ነገ ይቆያል።